12,000 ብር መልሺ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሒሳቡን እንዴት ላጣራ? (ከመልሶቹ ጋር)

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ገላን ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ የሰው ሀብት ክፍሏ ልጅ በር ላይ ጠብቃ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ማኅተም አለው። ከኅዳር እስከ የካቲት 2018 በየወሩ 3,000 ብር በብልጫ ስለተከፈለኝ ጠቅላላ 12,000 ብር በ10 ቀን ውስጥ ገቢ እንዳደርግ ይላል። ካላደረግሁ ከመጋቢት ደመወዜ ላይ ይቆረጣል። የመጋቢት ደመወዜ ሙሉ ለሙሉ ቢሄድ እንኳ አይሞላም። እጄ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። መደበኛ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። የመጋዘን ኃላፊያችን ወሊድ ስትወጣ እኔ ተጠባባቂ ሆንኩ። በወር 3,000 ብር የተጠባባቂነት አበል ተጨመረልኝ። እሷ ኅዳር ላይ ተመለሰች፤ አበሉ ግን አልቆመም። እውነቱን ለመናገር በስሊፑ ላይ አይቼዋለሁ። እሷ ለሕፃኑ ስትል ቶሎ ስለምትወጣ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ለዚህ ብለው የቀጠሉት መሰለኝ።

የእነሱን ገንዘብ መብላት አልፈልግም። ግን 12,000 ብር እጄ የገባ አይመስለኝም። ከየት ጀምሬ ላጣራ ብዬ እዚህ ጠየቅሁ። መልሱ ስለበዛና አንዳንዱም እርስ በርሱ ስለተጋጨ፣ ተመሳሳይ ደብዳቤ የደረሰው ሰው እንዲጠቀምበት በተራ ቁጥር እየጻፍኩ አስቀምጫለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ጥያቄዬን እንደ ብድር ነው የተረዳው። ከመሥሪያ ቤት ደመወዝ አስቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ እንደሚያስፈልገው፣ እሱም አንድ ጊዜ የጎረቤቱ ዋስ ሆኖ እንደተቸገረ ጻፈ። በቅንነት ስለጻፈ አመሰግነዋለሁ። የእኔ ጉዳይ ግን የጠየቅሁት ብድር አይደለም። እነሱ ራሳቸው በስህተት የከፈሉት ነው።

መልስ 2። አንድ ወጣት በቁጣ ገባ። ስህተቱ የእነሱ ስለሆነ አምስት ሳንቲም እንዳልመልስ፣ ደብዳቤውንም እንዳልቀበል መከረኝ። ከስምንት ሰው በላይ ወደደለት። ልቤን ቢያሞቀውም አላሳመነኝም።

መልስ 3። ጡረታ የወጡ አንድ አባት መለሱለት። እሳቸው እንዳሉት ያልተገባ ክፍያ የተቀበለ ሰው መመለስ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉም ያዛል። የከፋዩ ስህተት ገንዘቡን የተቀባዩ አያደርገውም። ደብዳቤን አለመቀበልም ምንም አይጠቅምም፤ በምስክር ይለጥፉታል። ይልቅ ተቀብዬ ቅጂው ላይ መድረሱን ብቻ እንድፈርም፣ በይዘቱ አለመስማማቴንም በእጄ ጽፌ ቀኑን እንዳስቀምጥ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ሲሰጡኝ ዝም ብዬ ስሜን ብቻ ነበር የፈረምኩት። በማግስቱ ሄጄ፣ ፊርማዬ መቀበሌን ብቻ እንደሚያሳይ የሚገልጽ አጭር ማመልከቻ አስገባሁ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጡኝ።

መልስ 4። ወደ ዋናው ነገር የወሰደችኝ ሰበታ አካባቢ በአንድ ድርጅት ፔይሮል የምትሠራ እህት ናት። የአራቱን ወር ስሊፕ፣ የባንክ ስቴትመንቴን እና የተጠባባቂነት ደብዳቤዬን ጎን ለጎን እንድዘረጋ አዘዘችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አበሉ ከገባበት ወር እና ካልገባበት ወር መካከል እጄ ላይ የደረሰው ልዩነት ስንት ነው?

ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አየሁ። አበሉ ባለበት ወር ባንክ የገባልኝ 10,960 ብር ነው። ያለ አበሉ 8,910 ብር ነው። ልዩነቱ 2,050 ብር ብቻ ነው። ደብዳቤው በወር 3,000 ይላል። 950 ብር የት ሄደ?

እሷ በቀላሉ አስረዳችኝ። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ከግብር በፊት ያለውን ቁጥር ነው የወሰደው። 950 ብሩ የሥራ ግብር ተብሎ ከእኔ ተቆርጦ ወደ ገቢዎች ሄዷል። አበል ከደመወዝ ላይ ሲደመር ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላው ላይ ነው። ከ14,000 ብር በላይ ያለው በ35 በመቶ፣ ከ10,000 እስከ 14,000 ያለው በ30 በመቶ ይቆረጣል። የእኔ 3,000 ብር ከ12,000 ተነስቶ 15,000 ስለሚደርስ 2,000ው በ30፣ 1,000ው በ35 ተቆርጧል። 600 እና 350፤ 950። ስለዚህ እኔ ያልነካሁትን ብር መልሺ እየተባልኩ ነው።

የጡረታውንም መስመር እንዳይ ነገረችኝ። በሁለቱም ስሊፖች 840 ብር ነው፤ የ12,000 ብር 7 በመቶ። ጡረታ በመደበኛው ደመወዝ ላይ ብቻ ስለተሰላ አበሉ አልነካውም። በስህተት የተጨመረው መደበኛው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ጡረታውም አብሮ ይዛባ ነበር። እሱንም መመለስ ይጠበቅባቸው ነበር።

መልስ 5። አንድ ወንድም ስሌቱ ስህተት ነው ብሎ ተከራከረ። በእሱ ሒሳብ የ15,000 ብር ግብር 3,750፣ የ12,000 ደግሞ 2,700 ነው። ስለዚህ እጄ የገባው ልዩነት 1,950 ይሆናል። ለእኔ የሚጠቅም ቁጥር ስለነበር ደስ አለኝ። ግን ስሊፔ ላይ ያለው ግብር 3,200 ነው እንጂ 3,750 አይደለም።

መልስ 6። የፔይሮሏ እህት ተመልሳ አረመችው። የተጠቀመው የድሮውን ሰንጠረዥ ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ10,900 ብር በላይ ያለውን በ35 በመቶ አስልቶ 1,500 ይቀንስ ነበር። በአዋጅ 1395/2017 ሰንጠረዡ ተለውጧል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም፤ ከ14,000 በላይ ያለው በ35 በመቶ ተሰልቶ 2,050 ይቀነሳል። 15,000 በ35 በመቶ 5,250 ነው፤ 2,050 ሲቀነስ 3,200። ስሊፔ ላይ ያለው ቁጥር። 12,000 በ30 በመቶ 3,600፤ 1,350 ሲቀነስ 2,250። በብልጫ የተከፈለው ከሐምሌ 2017 በፊትና በኋላ ለተከፋፈለበት ሰው በእያንዳንዱ ወር የዚያን ጊዜውን ሰንጠረዥ መጠቀም እንዳለበት አሳሰበች። ልጁም ይቅርታ ጠይቆ አመሰገናት።

መልስ 7። ሌላ ሰው ከደመወዝ አንድ ሦስተኛ ድረስ መቁረጥ በሕግ የተፈቀደላቸው ስለሆነ፣ በወር 4,000 ብር እየቆረጡ ሦስት ወር ውስጥ ይጨርሳሉ አለ። ምንም ማድረግ አትችዪም ዓይነት ነበር አነጋገሩ። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

መልስ 8። በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ለብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ጠዋት ላይ መለሰለት። ትንሽ ሸርደድ አድርጎታል። ሰውዬው የአንቀጹን ሁለተኛ መስመር አንብቦ የመጀመሪያውን ዘሏል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪው ከደመወዝ ላይ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። አንድ ሦስተኛው ደግሞ ይህ ከተሟላ በኋላ የሚመጣ ጣሪያ ነው። ጣሪያ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ የኅብረት ስምምነታችንንና የሥራ ደንባችንን እንዳነብ፣ ስለ ትርፍ ክፍያ የሚል ነገር ካለም ኮፒውን እንድይዝ መከረኝ።

አንቀጽ 60ንም ጠቀሰልኝ። አሠሪው ጠቅላላውን፣ ስሌቱን፣ ተቀናሹንና የተጣራውን የሚያሳይ የክፍያ መዝገብ መያዝ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም ማሳየትና ማስረዳት አለበት። በዚህ አንቀጽ ተደግፌ የአራቱን ወር ዝርዝር በጽሑፍ ጠየቅሁ። አንድ ነገርም አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ያለ አግባብ ከቆረጡብኝ ዝም ብዬ እንዳልቆይ፤ ሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅበት ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው።

መልስ 9። እዚህ ላይ ወሬው ወጣ አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሆነች አንዲት እህት የራሷን አመጣች። ዝውውር ላይ ሳለች ከሁለት ወረዳ በአንድ ወር ደመወዝ ገብቶላት፣ በኋላ አንዱን መልሺ ተብላ ነበር። እሷ ቶሎ መለሰች፤ ደረሰኝ ግን አልተቀበለችም። በዓመቱ እንደገና ተጠየቀች። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ስለሆነ አንቀጹ ለእሷ አይሠራም። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ግን የትም ቢሆን እንዳልተከፈለ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ከቱሉ ዲምቱ ገላን የሚኒባስ ዋጋ ስንት ደርሷል ብሎ ጠየቀ። እሱ ላይ አሥራ ምናምን አስተያየት ተጻፈ። ሁሉም የሚያውቀው ችግር ነውና አልፈርድባቸውም።

መልስ 10። አንድ ዝምተኛ ሰው በአንድ መስመር ጥያቄ መጣ። ኃላፊዋ የተመለሰችው ኅዳር ስንት ቀን ነው? ደብዳቤው ኅዳርን ሙሉ ወር ቆጥሮታል። ወሩ መካከል ላይ ከተመለሰች የቀደመው ግማሽ የሠራሁበት ገንዘብ ነው።

ማንም ያላሰበው ነገር ነበር፤ እኔም ራሴ። ቤት ገብቼ ፌስታል ውስጥ የማስቀምጣቸውን ወረቀቶች ገለባበጥኩ። የመጋዘን ርክክብ ሰነዱ ወጣ። ሰማያዊ ካርቦን ኮፒ ነው፤ ጠርዙ ላይ የቅባት ጣት አለበት። ሦስት ቁልፍ፣ የክምችት ካርዶች፣ የቆጠራ ዝርዝር ይላል። ሥር ላይ የእኔ፣ የእሷና የኦዲት ሠራተኛው ፊርማ አለ። ቀኑ ኅዳር 15 ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ተጠባባቂዋ እኔ ነበርኩ። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት።

መልስ 11። ወዲያው አንዱ አስልቶ መለሰ። የወሩ ልዩነት 2,050 ከሆነ ግማሹ 1,025 ነው፤ ስለዚህ ኅዳር ላይ የምመልሰው 1,025 ብር ነው አለ። ሁላችንም ትክክል መሰለን።

መልስ 12። የፔይሮሏ እህት ግን ግብር እንደዚያ በግማሽ እንደማይከፈል አሳየች። በኅዳር ወር 15 ቀን ስለሠራሁ የሚገባኝ አበል 1,500 ነው፤ ጠቅላላው 13,500 ይሆናል። የዚህ ግብር 4,050 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,700 ነው። ጡረታ 840 ሲወጣ ሊደርሰኝ የሚገባው 9,960 ብር ነበር። የደረሰኝ 10,960 ነው። ልዩነቱ ልክ 1,000 ብር። ምክንያቱ በብልጫ የመጣው 1,500 ብር ላይኛው እርከን ላይ ስለሚያርፍ ከ950 ብሩ ግብር ከግማሽ በላዩ፣ 500 ብሩ፣ የተቆረጠው ከእሱ ላይ ነው። ስለዚህ የሚጣራው እያንዳንዱ ወር ለብቻው ነው። መክፈል የነበረባቸውን ሙሉ ስሊፕ እንደ አዲስ ሠርቶ ከተከፈለው መቀነስ ነው።

ኅዳር 1,000፤ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት 2,050 በሦስት፣ ማለትም 6,150። ድምር 7,150 ብር። ደብዳቤው 12,000 ነው የሚለው።

መልስ 13። እዚህ ላይ ድምፁ ከረረ። የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ ያለ ሰው ግብሩ የሠራተኛዋ ዕዳ ስለነበር ድርጅቱ በስሟ ከፍሎላታል፤ እሷ ነች ገቢዎችን መጠየቅ ያለባት አለ። የማኅበሩ ሰው በቁጣ መለሰለት። ግብሩን ቆርጦ የሚያስገባውና በየወሩ የሚያሳውቀው አሠሪው ነው፤ እሷ ገቢዎች ሄዳ የምታሳየው ፋይል እንኳ የላትም አለው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የተሻሻለ ማስታወቂያ ማስገባት ለትንሽ ብር ብዙ ምልልስ እንደሆነ መለሰ። ስለ ምልልሱ ውሸት አልተናገረም። ግን የእነሱ ምልልስ ለምን በእኔ ኪስ እንደሚካካስ አልነገረኝም። ይህ ክርክር እስካሁን አላለቀም።

መልስ 14። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ለማስታረቅ ሞከረ። ጥሬ ገንዘብ ከማስመለስ ይልቅ፣ ያለ አግባብ የተከፈለውን 10,500 ብር ጠቅላላ በሦስት ወር ፔይሮል ላይ ከግብር በፊት መቀነስ ይሻላል አለ። በወር 3,500 ይቀነሳል፤ ግብሩም አብሮ ስለሚወርድ ገቢዎች ጋ መመላለስ አያስፈልግም። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ብዙዎች ተቀበሉት።

መልስ 15። የመልስ 10 ዝምተኛ ሰው እንደገና ብቅ አለ። ቁጥሩን ሠርቶ ነበር። 12,000 ላይ 3,500 ሲቀነስ 8,500 ይቀራል። ግብሩ 1,275 ነው፤ ጡረታ 840 ሲወጣ 6,385 ብር ይደርሰኛል። ከመደበኛው 8,910 በ2,525 ያንሳል። በሦስት ወር 7,575 ይሆናል፤ ከ7,150 በ425 ብር ይበልጣል። ሲቆረጥ በ35 እና በ30 የተቆረጠ ግብር ሲመለስ በ30 እና በ25 ይመለሳል። ልዩነቱን የምከፍለው እኔ ነኝ። የሒሳብ ባለሙያው አልተቃወመም። ግን 425 ብር ከክርክር ነፃ የመሆን ዋጋ ነው አለ። አንዳንዱ ተስማማ። ለእኔ ግን 425 ብር የልጄ የአንድ ሳምንት ወተት ነው።

መልስ 16። ይህኛው የእኔ ነው። የአራቱን ወር ስሌት በአንድ ገጽ አስቀመጥኩ። የተከፈለኝ፣ ሊከፈለኝ ይገባ የነበረው፣ ልዩነቱ። የርክክቡን ኮፒ አያያዝኩ። 7,150 ብር ለመመለስ ፈቃደኛ መሆኔን፣ ክፍያውም በአራት ወር እንዲከፋፈል ጻፍኩ። ከዚያ በላይ ከደመወዜ ላይ ለሚደረግ ቅነሳ በጽሑፍ አለመስማማቴንም ጨመርኩ። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን ተቀበለኝ። በካልኩሌተሩ ሁለት ጊዜ መታው። 2,050 ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ።

መልስ 17። መጋቢት 20 አዲስ ደብዳቤ መጣ። 12,000 ቀርቶ 8,200 ሆኗል። ግብሩን ከእኔ መጠየቁን ትተዋል፤ 2,050 በአራት ተባዝቷል። የኅዳርን 15 ቀን ግን አልተቀበሉም። የኃላፊዋ የመመለሻ ደብዳቤ ኅዳር 1 ይላል ብለው ጠቅሰዋል። የማኅበሩ ሰው የፈረመችው ርክክብ ከደብዳቤው በላይ እንደሚመሰክር ነግሮኛል። ጡረተኛው አባት ግን ሁለቱም ሰነድ ስለሆነ በመጀመሪያ ራሷን ኃላፊዋን በጽሑፍ እንድታረጋግጥ እንድጠይቃት መከሩኝ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቅኋት። ኅዳር 1 ፈቃዷ ያለቀበት ቀን እንደሆነ፣ ሕፃኑ ታምሞ እስከ 15 በዓመት ፈቃድ እንደቆየች ነገረችኝ። የዓመት ፈቃድ ቅጿ ሰው ሀብት ክፍል ፋይል ውስጥ አለ። ነገ ኮፒውን ለመጠየቅ እሄዳለሁ። አሁን የሚያከራክረን 1,050 ብር ነው።